እርግብግቢቱ ክፍት እያለ ሲቲ ስካን ለምን?

ሞጣም ሆነ ቢቸና ላይ የልጁ ጭንቅላት ከዕድሜው በላይ እየተለቀ የመጣበት አባት ሆስፒታል ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀውን አስቀድሞ አውቆት ነው። «ዶክተር፣ ገንዘቡን ተበድሬም ቢሆን አመጣለሁ፤ ብቻ ሲቲ ስካኑን ይጻፉልኝ» ይላል። ትልቅ ማሽን፣ ውድ ምርመራ፣ ሩቅ ከተማ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ትክክለኛው መልስ እዚያ ያለ ይመስላል። ሐኪሙም ወረፋው ረዝሞ፣ ቀኑ መሽቶበት፣ የሪፈር ወረቀቱን ሞልቶ ቢሰጥ የሚወቅሰው የለም። ቤተሰቡ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጀምራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ የማይገኝበት ቀን እንዳለ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የስድስት ወር ሕፃን አናት ላይ አንድ ክፍት መስኮት አለ። እርግብግቢት ነው። የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተጋጠሙበት፣ በጣት ሲነካ የሚለሰልስና የሚርገበገብ ቦታ ነው። የአልትራሳውንድ ድምፅ አጥንትን ዘልቆ ጥሩ ምስል መስጠት አይችልም፤ በእርግብግቢት በኩል ግን ያለ ምንም ጨረር፣ ያለ ማስተኛ መድኃኒት፣ ልጁ ጡት እየጠባ የአንጎሉን ውስጥ ያሳያል። መስኮቱ በአብዛኛው ልጆች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል። ጥሩ ምስል የሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ያጠረ ነው፤ እየጠበበ ሲሄድ የሚታየውም አብሮ ይጠብባል። ስለዚህ በሞጣና በቢቸና ክርክሩ መሆን ያለበት «ሲቲ ስካን መቼ ይመጣልናል?» የሚለው ሳይሆን፣ ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ የሚታዩበት አልትራሳውንድ ይህን ሕፃን ሳያየው ለምን መንገድ ይጀምራል የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገጠር ቀበሌ የተወለደ የስድስት ወር ወንድ ልጅ እንውሰድ። እናቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ክትባት አስከትባዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ተመዝኗል፤ ጭንቅላቱን በሜትር የለካ ግን የለም። አሁን ይነጫነጫል፣ የጠባውን ያስመልሳል፣ አንገቱን መሸከም አቅቶታል፣ ዓይኑ ወደ ታች ተጎትቶ ከብሌኑ በላይ ነጩ ይታያል። ሲለካ የጭንቅላቱ ዙሪያ 47.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሠንጠረዥ የስድስት ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ልክ 43.3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የላይኛው የጥንቃቄ መስመር 45.8 ገደማ፣ ከዚያ በላይ ያለው መስመር ደግሞ 47 ነው። ይህ ልጅ ከሁሉም በላይ ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። አንድ ነጠላ ልኬት ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው መስመሩ ነው። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጭንቅላቱ በወር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በኋላ በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በ14 ሳምንቱ ክትባት ቀን የተለካ ቁጥር ካርዱ ላይ ቢኖር ኖሮ ችግሩ ከሁለት ወር ተኩል በፊት ይታይ ነበር። የልብስ ሰፊ ሜትር የሚያወጣው ጥቂት ብር ነው። የዞኑ ጤና መምሪያ ከየትኛውም ማሽን በፊት ሊያዝዘው የሚገባው ይህንን ነው፤ የጭንቅላት ልክ በክትባት ካርዱ ላይ፣ በእያንዳንዱ የክትባት ቀን።

አሁን ልጁ አልትራሳውንድ ክፍል ገባ። እናቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታቅፈዋለች፣ ጡት ትሰጠዋለች። እርግብግቢቱ ላይ ሞቅ ያለ ጄል ይደረጋል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ልጁ ይደነግጥና አሥር ደቂቃ ያለቅሳል። ፕሮቡ ሳይጫን ይቀመጣል። መጀመሪያ ከጆሮ ወደ ጆሮ በሚሄድ አቅጣጫ ከግንባር ጀምሮ ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይጠራረጋል፤ ከዚያ ፕሮቡ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ከአፍንጫ ወደ ማጅራት በሚሄደው አቅጣጫ መሃሉ፣ ቀኙ፣ ግራው ይታያል። ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የአንጎል ሥጋ ግራጫ ነው። አንጎል በውስጡ ቬንትሪክል የሚባሉ አራት የፈሳሽ ክፍሎች አሉት። ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ፣ አራተኛው ከኋላ በታች ነው። ፈሳሹ በየቀኑ ይመነጫል፣ በእነዚህ ክፍሎች አልፎ ወጥቶ ወደ ደም ይመለሳል። መውጫው ሲታፈን ወይም መመለሻው ሲበላሽ ክፍሎቹ እንደ ፊኛ ይወጠራሉ። ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይህ ነው።

የምርመራው ጥቅም «ውሃ አለ» ወይም «የለም» ከማለት በላይ ነው። ሁለቱ የጎን ክፍሎችና ሦስተኛው ተለጥጠው አራተኛው ትንሽ ሆኖ ከቀረ፣ ማነቆው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ባለችው ጠባብ ቦይ ላይ ነው ማለት ነው። በክፍሎቹ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ክሮች ከተንጠለጠሉ፣ ልጁ ቀደም ሲል የማጅራት ገትር ወይም ሌላ የአንጎል ኢንፌክሽን ሳይዘው አልቀረም፤ እነዚህን ክሮች አልትራሳውንድ ከሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል። ይህ ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ዜና ነው፤ ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ ቱቦ ማስገባት ቱቦውንም ማበላሸት ነውና። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ክፍሎቹ ደህና ሆነው ፈሳሹ በአንጎሉ ውጫዊ ገጽና በራስ ቅሉ መካከል ብቻ ሰፋ ብሎ የሚገኝበት። ልጁ የሚስቅ፣ የሚገለበጥ፣ የሚያድግ ከሆነ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም የአባትየውን ባርኔጣ ቢለኩት እሱም ትልቅ ጭንቅላት ያለው ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ልጅ በየወሩ በሜትር መለካት እንጂ ባሕር ዳር ሄዶ በጨረር መታየት አያስፈልገውም። ሪፈር የሚጻፍለት ግን እሱም ነው።

የእኛ ምሳሌ ልጅ የመጀመሪያው ዓይነት ሆነ እንበል፤ ሦስቱ ክፍሎች ተወጥረዋል፣ አራተኛው ትንሽ ነው። ምርመራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አሁን ሪፈሩ ቢጻፍ ወረቀቱ ላይ «ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ሲቲ ስካን ይነሳ» ሳይሆን፣ ምን እንደታየና ስንት ሚሊ ሜትር እንደተለካ ይሰፍራል። የሚላከውም ለምርመራ ሳይሆን ለሕክምና፣ የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ነው። በአገራችን በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ውስጥ የአዲስ አበባው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አንዱ ነው። ለቢቸና ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው። መንገዱ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ወይስ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይስ ወደ ባሕር ዳር የሚለው የሚወሰነው ልጁ ምን እንዳለበት ሲታወቅ ነው። ሳይታወቅ የተጀመረ ጉዞ አንዱን ከተማ ለምርመራ፣ ሌላውን ለሕክምና ያደርጋል፤ በሁለቱ መሃል ገንዘቡ ያልቃል፣ ልጁም ሳምንታት ያጣል።

አልትራሳውንድ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የአንጎሉን የኋላ ታችኛ ክፍል በደንብ አያሳይም። በራስ ቅሉ ጎን ተጠግቶ የፈሰሰ ደም ሊያመልጠው ይችላል። የአጥንት ስንጥቅ ለማየት የሚታመን አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያየው ሰው እጅ ላይ ነው። የተለመደው ስህተት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ማቆም፣ ወይም ጥቁር ያዩትን ሁሉ ሳይለኩ «ውሃ» ብሎ መጻፍ ነው። ሪፖርቱ ልኬት ከሌለው፣ በሁለት አቅጣጫ የተነሳ ምስል ካልተያያዘ፣ ስለ አራተኛው ቬንትሪክል አንዲት ቃል ካላለ፣ ተቀባዩ ሐኪም አያምነውም። ሳያምነው ሲቀር ደግሞ የሚያዝዘው ያንኑ ሲቲ ስካን ነው። ሞጣ ላይ የተሠራው ሥራ ባሕር ዳር ላይ ውድቅ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የፕሮቡ ነው። ለነፍሰ ጡር ሆድ የተሠራው ሰፊና ቆልማማ ፕሮብ እርግብግቢት ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ድምፁም ጥልቀት እንጂ ጥራት የሚሰጥ አይደለም። በጣም የተወጠረ ቬንትሪክልን ግን እሱም ያሳያል፤ በምሳሌያችን ላለው ልጅ በቂ ነበር። ለቀሪዎቹ የሚያስፈልገው ጠባብ ፊት ያለው፣ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ትንሽ ፕሮብ ነው። የአብዛኛው ሆስፒታል ማሽን ላይ የሚሰካ፣ ከአዲስ ማሽን ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው። አንድ የሆስፒታል ቦርድ «ሲቲ ስካን ይገባልን» ብሎ ለዓመታት ደብዳቤ ከሚጽፍ ይህን ፕሮብ ገዝቶ አንድ ባለሙያ ለጥቂት ሳምንታት ሕፃናትን በብዛት ወደሚያዩ የራዲዮሎጂ ክፍሎች ቢልክ፣ በዚያው ዓመት የሚጠቀሙ ልጆች ይኖራሉ። ማሽን ለማስመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለፕሮብ ሪባን አይቆረጥም፤ ምናልባት ችግሩ ይህ ይሆናል።

ሲቲ ስካን ላይ ለምን ይህን ያህል ቁጥብነት? ሲቲ ስካን በአንድ ራጅ ፈንታ ጨረሩን በጭንቅላቱ ዙሪያ እያሽከረከረ ይልካል፤ አንድ የጭንቅላት ሲቲ ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጨረር አለው። ሕፃን ከአዋቂ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ሴሎቹ በፍጥነት እየተከፋፈሉ ስለሆነ ጨረር ይጎዳቸዋል፤ ጉዳቱ ወደ ካንሰር ለመቀየር የሚፈልገውን ዓመታት ደግሞ ልጁ ከፊቱ አሉት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ላይ የማይደርስ ነገር በስድስት ወር ልጅ ላይ ይደርሳል።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት ከ1985 እስከ 2002 በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ሲቲ የተነሱ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሏል። ሁለት ወይም ሦስት የጭንቅላት ሲቲ የሚያደርሰው መጠን በአንጎል ዕጢ የመያዝ ዕድልን ሦስት እጥፍ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆን ደግሞ የደም ካንሰርን እንደዚሁ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ሦስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ግን መነሻው ትንሽ ነው። ያው ጥናት ከአሥር ዓመት በታች ያሉ አሥር ሺህ ልጆች አንድ አንድ የጭንቅላት ሲቲ ቢነሱ፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ይኖራል ብሎ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ጥናት ወደ 950 ሺህ ሰዎችን አይቶ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ላይ ደርሷል።

ስለዚህ አንድ ሲቲ የተነሳ ልጅ ወላጅ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለም። ነገሩ የሚከብደው እንደ ምሳሌያችን ላለው ልጅ ነው። ሃይድሮሴፋለስ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚዘጋ ፋይል አይደለም። ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርደው ቱቦ፣ ሻንት የሚባለው፣ ይዘጋል፣ ይበጠሳል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ልጁ ባስመለሰ ቁጥር፣ በተነጫነጨ ቁጥር፣ ጥያቄው ያው ነው፤ ቱቦው ይሠራል ወይስ ተዘግቷል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሲቲ ቢነሳ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ከአምስት ሊያልፍ ይችላል። ጥናቱ የሚያወራው በትክክል ስለዚህ ልጅ ነው። እርግብግቢቱ ክፍት እስካለ ድረስ እነዚህን ጥያቄዎች ሞጣ ላይ ባለ አልትራሳውንድ መመለስ ይቻላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው ልኬትና በዛሬው መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነውና። ለዚህም የመጀመሪያው ምስል መቀመጥ አለበት። ማሽኑ ውስጥ ጠፍቶ ወረቀት ብቻ ከቀረ ማወዳደሪያ የለም። ቤተሰቡ ምስሉን በስልኩ አንስቶ ቢይዝ አይከፋም፤ በዚህ አገር ከሆስፒታል መዝገብ ቤት የስልክ ጋለሪ ይታመናል።

ሲቲ ስካን ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የወደቀ፣ ባጃጅ የገጨው ልጅ ንቃቱ ከተዛባ፣ የራስ ቅሉ ስብራት በእጅ ከተዳሰሰ፣ ከጆሮው ደም ወይም ፈሳሽ ከወጣ ሲቲ ወዲያውኑ ያስፈልገዋል፤ ስለ ጨረር የሚያወሩበት ሰዓት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ከ42 ሺህ በላይ የወደቁና የተመቱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት እንዲህ ያለ ምልክት ካላቸው መካከል ከመቶ አራት የሚሆኑት ከባድ የአንጎል ጉዳት እንደተገኘባቸው፣ ምንም ምልክት ከሌላቸው መካከል ግን ከሺህ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። በመሃል ያለውን፣ አንዴ ያስመለሰውን ወይም ለአፍታ ራሱን የሳተውን ልጅ፣ ቢቸና ሆስፒታል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አስተኝቶ ደጋግሞ ማየት ራሱ ምርመራ ነው። እርግብግቢቱ የተዘጋ፣ ሻንት ያለው፣ ድንገት ያንቀላፋና የሚያስመልስ ልጅም ኤምአርአይ በአቅራቢያው ከሌለ ሲቲ ይነሳ። ቱቦው ተዘግቶ ከሆነ የሚገድለው ጨረሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው።

ሲነሳ ግን እንደ ልጅ ይነሳ። ብዙ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ በአዋቂ ልክ ላይ እንዳለ ሕፃን ይተኛበታል፤ አንዴ ያለ መድኃኒት፣ አንዴ ደግሞ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶት በድጋሚ ይነሳል። ሁለተኛው ለሃይድሮሴፋለስ ጥያቄ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጨረሩን ግን እጥፍ ያደርጋል። ማረጋገጥ ይቻላል። ማሽኑ ከምስሎቹ መጨረሻ CTDIvol የሚል ቁጥር ያለበት ገጽ ያወጣል። የአውሮፓ መመሪያ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ ጭንቅላት 28 ሚሊግሬይ ገደማን እንደ ማነጻጸሪያ ያስቀምጣል። እዚያ ላይ 60 የሚል ከታየ፣ ወይም መስመሩ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ከተጻፈ፣ ልጁ እንደ አባቱ ታይቷል ማለት ነው። ሪፈር የጻፈው ሐኪም ይህን ገጽ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ቢጠየቅ ባለሙያው በራሱ ይጠነቀቃል።

ኤምአርአይ ከሁለቱም የሚለይበት ጨረር ሳይኖረው አልትራሳውንድ የማይደርስበትን ሁሉ ማሳየቱ ነው። የአንጎሉ የኋላ ክፍል፣ የማነቆው ትክክለኛ ቦታ፣ በጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ የተወለደ ልጅ አከርካሪ፤ ለእነዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ሐኪሙ በቱቦ ፋንታ በካሜራ ገብቶ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ መክፈት ይችል እንደሆነ ሲያስብም የሚፈልገው እሱን ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። ሙሉ የአንጎል ምርመራ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማሽኑ እንደ መዶሻ ይጮኻል፣ ልጁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። የማስተኛ መድኃኒት ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው። ሲቲ ስካን በሰከንዶች ስለሚያልቅ መድኃኒት የሚፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ ሳይካድ የሲቲ ትልቁ ብልጫ ነው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚታሰብ ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነው። ጥያቄው አጭር ከሆነ፣ «ክፍሎቹ ጨምረዋል ወይስ ቀንሰዋል?» ብቻ ከሆነ፣ ፈጣን ኤምአርአይ የሚባል አሠራር አለ። እያንዳንዱን ምስል ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያነሳል፣ ሙሉው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ልጁ ነቅቶ ቢወራጭም ብዙውን ጊዜ መልስ ይሰጣል። አዲስ ማሽን አይጠይቅም፤ ባለው ማሽን ላይ የሚመረጥ አሠራር ነው፤ በሪፈሩ ላይ ግን «የሻንት ክትትል፣ ቬንትሪክል ብቻ» ተብሎ ካልተጻፈ ማንም አያነሳው። ከጥቂት ወራት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ረሃብ ላይ ቆይቶ እማሽኑ በር ላይ ይጠባል፣ በጋቢ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ ጆሮው ይሸፈናል፣ ይተኛል። ይህን እናቶች ያለ ማንም ትምህርት ያውቁታል። ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ ያለ ልጅ ጩኸቱን አስቀድሞ በስልክ ሰምቶ፣ እናቱ እግሩን ይዛለት፣ ዝም ብሎ ይተኛል። የሚያስቸግሩት በመሃል ያሉት ናቸው፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ገደማ።

ለእነሱ ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። ምርመራው የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል? ያለ መድኃኒት የሚሆን ሌላ መንገድ የለም? ልጁ መድኃኒቱን ይችላል? የመጨረሻው ለሃይድሮሴፋለስ ልጅ ከባድ ነው። ማንኛውም የሚያስተኛ መድኃኒት ትንፋሽን ያዘገያል። ትንፋሽ ሲዘገይ በደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ይጠራቀማል፣ ያ ደግሞ የአንጎል ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ቀድሞውኑ በተወጠረ ጭንቅላት ውስጥ ውጥረት ይጨመራል። የሚያስመልስ ልጅ ተኝቶ ካስመለሰ ወደ ሳንባው ይገባል። ለዚህ ነው የሚያንቀላፋና የሚያስመልስ ልጅ «ትንሽ ሽሮፕ» ተሰጥቶት ኤምአርአይ ውስጥ እንዲገባ መደረግ የሌለበት። ወይ ማደንዘዣ ባለሙያ ትንፋሹን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጥሮ ይነሳ፣ ወይ ያለ መድኃኒት ሲቲ ይነሳ። እዚህ ላይ ሲቲ ይሻላል ማለት ተቃርኖ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተደጋጋሚ ወይም ከሦስት ሰዓት የሚረዝም ማደንዘዣ የአንጎል እድገትን ሊነካ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ አንድ አጭር ማደንዘዣ ግን ጉዳት እንዳልታየበት ጥናቶች አሳይተዋል። ጨረርን ሸሽቶ በየሦስት ወሩ ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም።

መድኃኒት ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ቤተሰብም ሊያየው ይችላል። የልጁን ትንፋሽና የኦክስጅን መጠን ከመከታተል ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ባለሙያ፣ በሕፃን ልክ የሆነ የመተንፈሻ ጭምብልና ፊኛ፣ መምጠጫ፣ ኦክስጅን። ምስል የሚያነሳው ሰው ራሱ ልጁንም የሚጠብቅ ከሆነ ማንም እየጠበቀው አይደለም። ኦክስጅኑም በኤምአርአይ ክፍል ውስጥ የብረት ሲሊንደር መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ለምርመራ ተኝቶ እያለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ጭንቅላቱን መትቶ ገድሎታል።

ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ትልቁ ፈተና ከማሽኑ ክፍል ውጭ ነው። የተለመደው ደንብ ከመድኃኒቱ በፊት ምግብና የላም ወተት ስድስት ሰዓት፣ የእናት ጡት አራት ሰዓት፣ ውሃ ሁለት ሰዓት ማቆም ነው። ለሞጣ እናት «ጠዋት ሳይበላ አምጪው» ብቻ ከተባለች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ፣ ልጁን ሳታጠባ፣ ኬላ ላይ ቆማ፣ ረፋድ ላይ ደርሳ፣ ተራዋ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። የስድስት ወር ልጅ ይህን ያህል ጾሞ ይደርቃል፣ የደም ስኳሩ ይወርዳል። ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም የቀጠሮውን ሰዓት በስልክ አረጋግጦ፣ የመጨረሻው ጡት በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ በቁጥር ጽፎ መስጠት አለበት። ተራው ከተላለፈም ልጁ እንደገና ይጥባ፤ ቀጠሮ ይራዘማል እንጂ ሕፃን አይራብም። መንገድ ላይ እንዳያስቸግር ብሎ የማስተኛ መድኃኒት ቤት ውስጥ አጠጥቶ መነሳት ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው። አውቶቡስ ላይ ትንፋሹ ሲቆም የሚያየው የለም።

መልሱም ላይ እንደዚሁ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በሕፃን ሰውነት ውስጥ ሰዓታት ይቆያሉ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ ጠብቶ፣ እንደ ወትሮው እስኪያለቅስ ድረስ ከሆስፒታሉ አይወጣም። እንቅልፉ ሳይለቀው በአንቀልባ ከታዘለ፣ ከባድ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቅና የመተንፈሻ ቱቦው ይታጠፋል፤ እናቱ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ያለውን ፊት አታይም። በዚያ ቀን ልጁ ከፊት ታቅፎ፣ አገጩ ከደረቱ ተነስቶ፣ ፊቱ እየታየ ነው የሚጓዘው፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ካለ ሁለቱ እየተቀባበሉ። መኪናው እስኪሞላ መጠበቁ ከረዘመና መሽቶ ከሆነ ባሕር ዳር ማደሩ ይሻላል።